የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ኮንትሮል ፓኔል ስትረከቡ፦ ከፍተሻ ዝርዝሩ እስከ ሪፖርቱ

ብዙ የርክክብ ሪፖርት አይቻለሁ። አብዛኛው «ተፈትሿል፣ ደህና ነው» በሚል ራይት የተሞላ ነው። ቁጥር የለውም። ፓምፗ ከስድስት ወር በኋላ ስትቃጠል ያ ወረቀት ለማንም አይጠቅምም።

ዛሬ የምጽፈው በወሎ፣ ከሐይቅ ብዙ ሳይርቅ ባለ አንድ ጉድጓድ ላይ ስላደረግነው የሳይት ርክክብ ሙከራ ነው። ያንን ቀን ተከትዬ ቅደም ተከተሉን አሳያለሁ። የናንተ ጣቢያ ቁጥሩ ይለያል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ጣቢያው እንዲህ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የገባች 37 ኪሎዋት ፓምፕ አለች። ሞተሯ 400 ቮልት ነው፤ ስም ሰሌዳው 79 አምፒር ይላል። ፓኔሉ በስታር ዴልታ ያስነሳል። መብራት ሲሄድ 100 ኪሎ ቮልት አምፒር ጀነሬተር አለ፤ መቀየሪያው በእጅ የሚዞር ማብሪያ ነው። ውሃው ኮረብታው ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ 120 ሜትር ይወጣል።

ከመሄዳችሁ በፊት

የፓኔሉን ስዕል አስልኩ፤ የመጨረሻውን፣ በእጅ የታረመውን። ስዕል ከሌለ ሙከራውን ለሌላ ቀን አሸጋግሩት። አቋራጭ የለውም።

ከመሣሪያ ክላምፕ ሜትር፣ ቴስተር፣ ባለ 500 ቮልት ሜገር፣ የፌዝ ቅደም ተከተል ማሳያ፣ የመሬት መለኪያ፣ የጉድጓድ ውሃ ከፍታ መለኪያ ገመድ እና የማጥበቂያ ልኩን የሚያሳይ ቁልፍ ያዙ። ማጠራቀሚያው ጋ የሚቆም አንድ ሰውም ያስፈልጋል። ስልኩ ቻርጅ ይኑረው። ይሄን የምለው ቀልድ አይደለም፤ በአንድ ሳይት ኮረብታው ላይ ያለው ልጅ ስልኩ ጠፍቶ ግማሽ ቀን አባክነናል።

መጀመሪያ፦ ኃይል ሳይገባ

ብዙ ሰው «አዲስ አበባ ወርክሾፕ ውስጥ ተፈትሾ የመጣ ነው፣ ምን ደግሞ ያስፈትሻል?» ይላል። እውነት ነው፣ እዚያ ተፈትሿል። ከዚያ በኋላ ግን በአይሱዙ ተጭኖ ጣርማበርን ወጥቶ ወርዷል፤ ከዋናው መንገድ ወጥቶም በኮረኮንች ተንገጫግጯል። ብሎን ይላላል፤ ይሄ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ቁልፍ አድርጉበት፤ ቁልፉን ራሳችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱ። ጀነሬተሩንም ከባትሪው አላቁት። ከዚያ የኃይል ተርሚናሎቹን በሙሉ አምራቹ በጻፈው ልክ አጥብቁ፤ ያጠበቃችሁትን በቀለም ምልክት አድርጉበት። እኛ ጋ ከዴልታ ኮንታክተሩ ሁለት ብሎኖች ሩብ ዙር ዞሩ። የላላ ብሎን ያሞቃል፤ የሞቀ ኬብል ይከስላል።

ቀጥሎ ሜገር ነው። ከሞተሩ የሚመጡትን ስድስቱን ሽቦዎች ከፓኔሉ ፍቱ። ሳትፈቱ ብትለኩ 500 ቮልቱ የፌዝ ሪሌውንና ታይመሩን ይገድላል። እያንዳንዱን ሽቦ ከመሬት አንጻር ለኩ። ጉድጓድ ውስጥ ለገባ አዲስ ሞተር ከነኬብሉ ከ2 ሜጋኦም በታች ከሆነ አትረከቡ፤ የኬብል መጋጠሚያው ውሃ እያስገባ ሊሆን ይችላል። የኛ 85 አነበበ። ከለካችሁ በኋላ ሽቦውን ከመሬት አገናኝታችሁ አስተንፍሱት።

የመሬት መስመሩን ሬዚስታንስ ለኩና ከውሉ ጋር አስተያዩ። ቀኑንም ጻፉ። ድንጋያማ መሬት ላይ በነሐሴ የተለካና በግንቦት የተለካ አንድ አይሆንም። ነሐሴ ላይ ለጥቂት ያለፈ መሬት በበጋ ይወድቃል።

ደሴ ወይም ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ላላችሁ አንዲት ማሳሰቢያ፦ የብሬከርና የኮንታክተር ካታሎግ ቁጥር በአብዛኛው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ድረስ የሚሠራ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ እቃው በደንብ አይቀዘቅዝም። አምራቹ ያወጣውን የከፍታ ቅናሽ ሠንጠረዥ ከሪፖርቱ ጋር አያይዙ።

ሁለተኛ፦ ኃይል አለ፣ ሞተር የለም

ይሄ ደረጃ ነው በብዛት የሚዘለለው። እኔ ከሁሉም የምወደውም ይሄንኑ ነው። የሞተር ሽቦዎቹ እንደተፈቱ ይቆዩ፤ ጫፋቸውን በደንብ አሽጉ። አሁን ብሬከሩን አብሩና ፓኔሉን ባዶውን አስነሱት። ኮንታክተሮቹ በተራ ይገባሉ፤ ሞተር ግን የለም። ጥፋት ብትፈጥሩ የሚቃጠል ሞተር አይኖርም።

መጀመሪያ የመብራቱን የፌዝ ቅደም ተከተል ለኩና ጻፉ። ከዚያ ፌዝ ማጉደል ነው። ፓኔሉ «በሥራ ላይ» እያለ ከፌዝ ሪሌው በላይ ካሉት ፊውዞች አንዱን በተገቢው እጀታ ንቀሉ። ሪሌው መክፈት፣ ኮንታክተሮቹም መውደቅ አለባቸው። የፈጀውን ሰከንድ ጻፉ።

እኛ ፊውዝ ሁለትን ነቀልን። የሪሌው ቀይ መብራት በራ። ኮንታክተሮቹ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ዝም ብለን ተያየን። ሪሌው ጥፋቱን አይቷል፤ የሚሰማው ግን የለም። ስዕሉን ዘረጋን። የሪሌው 11 እና 14 ቁጥር ተርሚናሎች ከኮንትሮል መስመሩ ጋር በተከታታይ መያያዝ ነበረባቸው። መያያዙንስ ተያይዘዋል። ነገር ግን ከሁለቱ መካከል አንዲት አጭር ሰማያዊ ሽቦ አለች፤ ጃምፐር። ሪሌው ቢከፍትም ባይከፍትም ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል ያልፋል።

ኦፕሬተሩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይቺን ሽቦ ማን አስገባት?» አልኳቸው።

«ወላሂ ኢንጅነር፣ በጀነሬተር አልነሳ ስትል ጊዜ ያ ልጅ ነው ያስገባት። ሪሌው ተበላሽቷል ብሎ። ከዛማ ተነሳች።»

«በጀነሬተር ስትሠራ ውሃው እንዴት ነው?»

«እሱማ አይወጣም። ትጮኻለች፣ ማኖሜትሩ ስድስት ላይ ቀጥ ይላል። ጀነሬተሩ አቅም አንሶታል አሉን።»

ነገሩ ተገለጠልኝ። ማሳያውን ይዤ ወደ ጀነሬተሩ መስመር ሄድኩ። ፓኔሉን በጀነሬተር አድርገን ስንለካ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ሪሌው አልተበላሸም ነበር። ሥራውን ሠርቶ «አላስነሳም» ብሏል። ልጁ አፉን ዘጋው፤ ፓምፗም መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ኋላ ስትዞር ከረመች። ወደ ኋላ የምትዞር ፓምፕ ግፊት አታገኝም። ውሃውን ኮረብታ ለማውጣት ወደ 13 ባር ያስፈልጋል፤ እሷ ስድስት ላይ ትቆማለች። ውሃ ካልፈሰሰ ደግሞ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የለም። ጀነሬተሩ ምንም አላጠፋም።

ማስተካከያው የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። ጀነሬተሩን አጥፍተን ቆለፍን። በመቀየሪያው የጀነሬተር ወገን ሁለት ኬብሎችን አቀያየርን። ጃምፐሯን አወጣን። ሙከራውን ከ«ሀ» ጀመርን፤ በመብራትም በጀነሬተርም። አሁን ፊውዝ ሲነቀል ኮንታክተሩ በ1 ሰከንድ ውስጥ ይወድቃል። ሆን ብለን ሁለት ፌዝ ስንገለብጥም አይነሳም።

ሞተሩ ተያይዞ ብንሞክረው ኖሮ ፊውዙ በተነቀለበት ቅጽበት በሁለት ፌዝ ትሠራ ነበር። የቀሩት ሁለቱ መስመሮች አምፒራቸው በብዙ ይጨምራል። ቀጥሎ እንደምታዩት ኦቨርሎዱም ያድናት ነበር ማለት ያስቸግራል።

አንድ ነገር አትርሱ፦ ሁሉንም ጥበቃ በ«አውቶ»ም በ«ማኑዋል»ም ሞክሩ። አንዳንድ ፓኔል በማኑዋል ሲሆን ጥበቃውን ያልፈዋል። ኦፕሬተር ደግሞ ውሃ ሲጠየቅ የሚያዞረው ወደ ማኑዋል ነው።

ውሃ ሲጎድል

ጉድጓዱ ውስጥ ሦስት ኤሌክትሮዶች አሉ። የጋራው በ80 ሜትር፣ የማቆሚያው በ78፣ የማስነሻው በ66 ሜትር። ፓምፗ በ84 ሜትር ነች። ውሃው ሳይሳብ 42 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ሲሳብ 61 ላይ ይወርዳል። ውሃው ከ78 ቢወርድ ፓምፗ ትቆማለች፤ 66 እስኪደርስ አትነሳም።

የተለመደው ሙከራ የማስነሻውንና የማቆሚያውን ሽቦዎች ከተርሚናል መንቀል ነው። ኮንታክተሩ ይወድቃል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ይሄ ግን የሚያሳየው ፓኔሉ መስማቱን ብቻ ነው። ኤሌክትሮዱ ራሱ ትክክለኛው ጥልቀት ላይ መሆኑን አያሳይም። ሽቦው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጠቅልሎ ያለበትን ቦታ አይቻለሁ።

ስለዚህ ሁለቱንም አድርጉ። ሽቦዎቹን ነቅላችሁ ከሞከራችሁ በኋላ መልሷቸው፤ ኮንታክተሩ ሲገባ የማስነሻውን ሽቦ ብቻ ንቀሉና የማቆሚያውን ኤሌክትሮድ ከጉድጓዱ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ከውሃው ሲወጣ ኮንታክተሩ መውደቅ አለበት። ምን ያህል ሜትር እንደሳባችሁ ቁጠሩ፤ በመለኪያ ገመድ ካገኛችሁት የውሃ ከፍታ ጋር አስተያዩት። እኛ ውሃው 42 ላይ ቆሞ እያለ 36 ሜትር ከሳብን በኋላ ወደቀ። 78 ሲቀነስ 36፣ 42። ገጠመ። መልሳችሁ ስታወርዱት ገመዱን እሰሩትና ምልክት አድርጉበት።

የማጠራቀሚያው ፍሎት አጭር ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ሰው ፍሎቱን በእጁ ያንሳ፤ ኮንታክተሩ መውደቅ አለበት። ቀጥሎ የፍሎቱን ሽቦ ፓኔሉ ጋ ንቀሉ። አሁንም መውደቅ አለበት። ሽቦው ቢበጠስ ፓምፗ ዝም ብላ የምትሠራ ከሆነ አያያዙ ተገልብጧል፤ ማጠራቀሚያው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ያድራል።

ሦስተኛ፦ ሞተሩ ሲያያዝ

ከማስነሳታችሁ በፊት ሁለት ማስተካከያዎችን እዩ።

አንደኛው ኦቨርሎድ ነው። በስታር ዴልታ ሪሌው የተቀመጠው ከዋናው መስመር ላይ ሳይሆን በዴልታው ውስጥ ከሆነ የሚያየው የመስመሩን 58 በመቶ ብቻ ነው። ከ79 አምፒር 58 በመቶው ወደ 46 ነው። ከዚያ በላይ መሄድ የለበትም። የኛ 57 ላይ ነበር። 57 ማለት በመስመሩ 98 አምፒር እስኪያልፍ ድረስ ዝም ይላል ማለት ነው። 44 ላይ አወረድነው።

ሁለተኛው የስታር ጊዜ ነው። ከፋብሪካ 10 ሰከንድ ተብሎ ይመጣል። ከመሬት በላይ ላለ ሞተር ይሁን፤ ለጉድጓድ ሞተር ግን ብዙ ነው። የታችኛው ተሸካሚ በውሃ ስስ ሽፋን ላይ ነው የሚንሳፈፈው፤ ሽፋኑ የሚፈጠረው ሞተሩ ሲፈጥን ነው። በዝግታ ስትጎትቱት ደረቁን ይፋተጋል። ከ3 ሰከንድ አታሳልፉት።

አሁን አስነሱ። ቫልቩ በከፊል ክፍት ይሁን፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ክፈቱ። ግማሽ ሰዓት ከሠራች በኋላ ለኩ። የሦስቱንም ፌዝ አምፒር፣ በመካከላቸው ያለውን ቮልት፣ ግፊቱን፣ የውሃውን መጠን። ቮልቱን ሞተሩ እየሠራ ነው የሚለካው። ለ400 ቮልት ሞተር ከ360 እስከ 424 ባለው ውስጥ ይሁን። ከቻላችሁ ሌሊት 6 ሰዓት ላይም ለኩ፤ መንደሩ ሲተኛ ቮልት ከፍ ይላል።

የኛ አምፒር 64፣ 71 እና 70 መጣ። አማካዩ 68.3 ነው። ከአማካዩ በጣም የራቀው 64 ነው፤ በ4.3 ይርቃል። 4.3 ለ68.3 ሲካፈል 6.3 በመቶ። ከ5 በመቶ በላይ መሆን የለበትም።

ይሄ ሲያጋጥም ወዲያው ሞተሩን አትውቀሱ። ኃይሉን ቆልፉና ከብሬከሩ በታች ያሉትን ሦስቱን ኬብሎች አንድ አንድ ቦታ አዙሯቸው፤ አንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው ወደ አንደኛው። ሦስቱም አብረው ስለዞሩ የፓምፗ አዟዟር አይቀየርም። እንደገና ለኩ። ዝቅተኛው አምፒር ከኬብሉ ጋር አብሮ ከሄደ ችግሩ ከፓኔል ወደ ሞተር ባለው በኩል ነው። እዚያው የመብራት ፌዝ ላይ ከቀረ የመስመሩ ነው።

እኛ ስናዞር 66.5፣ 69.5 እና 69.4 ሆነ። ልዩነቱ ወደ 2.9 በመቶ ወረደ። ዝቅተኛው አሁንም ፌዝ አንድ ላይ ነው። ትራንስፎርመሩን መንደሩ ይጋራዋል፤ ቤቶቹ ደግሞ ከአንድ ፌዝ ላይ በዝተዋል። ያንን አያያዝ ይዘን ቀጠልን፤ የቤቶቹን ጭነት ማመጣጠን በጉድለት መዝገብ ገባ።

መጨረሻ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ እዩ። በአውቶ እየሠራች ዋናውን ብሬከር አጥፉ፤ ከዚያ መልሳችሁ አብሩ። ወዲያው ከተነሳች ጥሩ አይደለም። የማይመለስ ቫልቩ ካረጀ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታች እየወረደ ፓምፗን ወደ ኋላ ያዞራታል። እየዞረች ብታስነሷት ዘንግ ይሰበራል። የመጠበቂያ ታይመሩ ዜሮ ላይ ነበር፤ 5 ደቂቃ አደረግነው። በስልክ ሰዓት ስንይዘው 4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ጠበቀች።

ሪፖርቱ

እያንዳንዱ መስመር አራት ነገር ይኑረው፦ ምን እንደተደረገ፣ ምን እንደሚጠበቅ፣ ምን እንደተገኘ፣ ማን እንዳየ። «የተገኘው» በሚለው ቦታ ላይ «ደህና» የሚል ቃል አይጻፍ። ከኛው ሪፖርት ጥቂት መስመሮች እነሆ፤ ማን እንዳየ የሚለውን እዚህ ትቼዋለሁ።

| የተደረገው | የሚጠበቀው | የተገኘው |
|---|---|---|
| ፊውዝ 2 ተነቀለ፣ በአውቶ፣ በመብራት፣ ሞተር ተፈትቶ | ኮንታክተር ይወድቃል | አልወደቀም፤ በ11 እና 14 መካከል ጃምፐር |
| ያው ሙከራ፣ ጃምፐር ከወጣ በኋላ | ኮንታክተር ይወድቃል | በ1 ሰከንድ ወደቀ |
| የጀነሬተር ፌዝ ቅደም ተከተል | ከመብራቱ ጋር አንድ | የተገለበጠ፤ ከተስተካከለ በኋላ አንድ |
| ኦቨርሎድ | ከ46 የማይበልጥ | 57 ነበር፣ 44 ተደረገ |
| የአምፒር ልዩነት | ከ5 በመቶ በታች | 6.3 ነበር፣ 2.9 ሆነ |

የወደቀውን ሙከራ አትሰርዙት። ተቋራጩ «አስተካክለነዋል፣ ማለፉን ብቻ ጻፈው» ይላል። እሺ አትበሉ። ጃምፐሯ ተመልሳ ብትገባ ቀጣዩ ቴክኒሻን የት እንደሚያይ የሚያውቀው ከዚያች መስመር ነው።

ጉድለቶቹን በሁለት ክፈሉ። «ሀ» ሳይስተካከል ርክክብ የለም፤ «ለ» ቀን ተቆርጦለት ከርክክብ በኋላ ይሠራል። ጥበቃን የሚነካ ሁሉ «ሀ» ነው፤ በዚህ ላይ አትደራደሩ። የጠፋ የስም ምልክት፣ ያልተዘጋ የኬብል ቀዳዳ «ለ» ነው። ቀዳዳው ግን ቶሎ ይዘጋ፤ አይጥ ፓኔል ውስጥ ሞቃት ቤት ትሠራለች።

የማስተካከያዎቹን ፎቶ ከነቁጥራቸው አያይዙ። ከዚያ ተቋራጩ፣ አማካሪው፣ ተረካቢውና ኦፕሬተሩ ይፈርሙ። አዎ፣ ኦፕሬተሩም። ጋሼ መጀመሪያ «እኔ ምን ልፈርም፣ ወረቀቱ የናንተ ነው» ብለው እምቢ ብለው ነበር። ጃምፐሯን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አይዋትና እስክሪብቶውን ተቀበሉኝ። አንዱ ቅጂ በላስቲክ ተጠቅልሎ በፓኔሉ በር ኪስ ውስጥ አለ፤ ሽቦዋም አብራው ተለጥፋለች።